ከሐምሌ 1 ጀምሮ የደመወዝ ጭማሪ ስለመጠየቅ

ጋሼ፣ እንደምን ሰነበቱ?

ማክሰኞ ቡሬ ሲመጡ በቃል ላነሳልዎት አስቤ ነበር። ግን መኪና እየተጫነ ቆመን የምናወራው ነገር አይደለም፤ ቁጥርም ስላለበት ተረጋግተው ቢያዩት ይሻላል ብዬ ጻፍኩት።

ጥያቄዬ ይሄ ነው፦ የወር ደመወዜ ከሐምሌ 1 ቀን 2017 ጀምሮ ከ13,500 ወደ 18,000 ብር ከፍ እንዲልልኝ ነው።

መጀመሪያ ሥራው እንዴት እንደተቀየረ ላንሳ። በ2014 መስከረም ስቀጠር የያዝኩት የቡሬውን መጋዘን ብቻ ነበር። ኅዳር 2016 ላይ የፍኖተ ሰላሙ ባልደረባችን ሲለቅ «ለጊዜው አንተ ደርበህ ያዘው» አሉኝ፣ ያዝኩት፣ እስካሁንም በእኔ እጅ ነው። ደመወዜ ግን ከሐምሌ 2015 ወዲህ አልተነካም። አሁን የሁለቱንም መጋዘን ገቢና ወጪ የምመዘግበው፣ ሞዴል 19 እና 22 የምቆርጠው፣ የወር ሪፖርቱን የምልከው እኔ ነኝ። መንገድ በተዘጋባቸው ሳምንታት እንኳ ፍኖተ ሰላም ካለው ጥበቃ ጋር በስልክ ቁልል በቁልል እየቆጠርን ሪፖርቱ አንድ ወር አልተዘለለም።

ውጤቱን ደግሞ ከቆጠራው ይዩት። በ2015 ሚያዝያ ሁለቱ መጋዘኖች አንድ ላይ ካስገቡት 18,400 ኩንታል በቆሎ 276 ኩንታል ጎድሎ ነበር፣ በመቶ 1.5 ማለት ነው። ዘንድሮ ሚያዝያ ከገባው 26,200 ኩንታል የጎደለው 131 ነው፣ 0.5 በመቶ። ጉድለቱ በድሮው መጠን ቢቀጥል ኖሮ 393 ኩንታል እናጣ ነበር። ልዩነቱ 262 ኩንታል ነው፤ ዘንድሮ በአማካይ በ4,200 ብር ስለገዛን ወደ 1,100,400 ብር ይመጣል።

ይሄ ሁሉ በእኔ ብቻ የመጣ ነው አልልም። የእርጥበት መለኪያውን የገዙልን እርስዎ ነዎት፣ ጫኝና አውራጆቹም ከልብ ሠርተዋል። በ2015 የጎደለውም በማንም ስንፍና አይደለም፣ ያኔ በቆሎውን ነክሰን ነበር የምንቀበለው። እኔ ያደረግኩት መለኪያው እንደመጣ ከ13.5 በመቶ በላይ እርጥበት ያለውን እህል ሸራ ላይ ሳይሰጣ አላስገባም ማለት ነው። የመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት ነጋዴዎቹ ተቆጥተውብኝ ነበር፣ ያስታውሱታል፣ ለእርስዎም ደውለው ነበር። ከዚያ ቁልሉን ከግድግዳ አንድ ሜትር አራቅን፣ ከሥሩ እንጨት ረበረብን፣ በየቁልሉ ቢን ካርድ ሰቀልን፣ ቀድሞ የገባው ቀድሞ እንዲወጣ አደረግን። ነቀዝ የቀነሰው በዚህ ነው።

4,500 ብር ያልኩትም እንዲሁ አይደለም። የፍኖተ ሰላሙ ባልደረባ ሲለቅ ደመወዙ 9,000 ነበር፣ ቦታው እስካሁን ሰው አልተቀጠረበትም። የጠየቅኩት የዚያን ግማሽ ነው። ድርጅቱ የሚከፍለው 11 በመቶ ጡረታ ሲጨመርበት በወር 4,995፣ በዓመት 59,940 ብር ይሆናል። ከፋይናንስ ጋር ሲነጋገሩ ይሄኛውን ቁጥር ቢይዙ ይሻላል፣ ጡረታው ኋላ ላይ ተጨማሪ ሆኖ እንዳይመጣ።

አሁን የጻፍኩት የቀጣዩ ዓመት በጀት ሰኔ ላይ ስለሚዘጋ ነው። ከዚያ በኋላ ብጠይቅ እርስዎም ከየት ያመጡታል? ደግሞም የአሁኑ ወቅት ይሻላል፤ የበቆሎ ግዢ ኅዳር መጨረሻ ላይ ሲጀመር ሁለታችንም ፋታ የለንም።

ሙሉውን በአንድ ጊዜ መያዝ የሚያስቸግር ከሆነ 2,250ውን ከሐምሌ፣ የቀረውን ከጥር ቢያደርጉልኝ እስማማለሁ። ከጥር ለሚጀምረው ግማሽ መለኪያ ቢቀመጥለትም ደስ ይለኛል፣ ለምሳሌ በታኅሣሥ ቆጠራ ጉድለቱ ከ0.5 በመቶ ካልበለጠ ተብሎ። ዘንድሮ ጭራሽ የማይቻል ከሆነም ምክንያቱንና መቼ እንደገና እንደምናየው በጽሑፍ ቢያሳውቁኝ ይበቃኛል።

የሁለቱን ዓመት የቆጠራ ቃለ ጉባኤ፣ የወር ሪፖርቶቹን፣ ፍኖተ ሰላምን ደርቤ እንድይዝ የተጻፈልኝን ደብዳቤ አያይዣለሁ። ከቁጥሮቹ የሚጠራጠሩት ካለ ቢን ካርዶቹ እዚሁ መጋዘን አሉ፣ ሲመጡ አብረን እናያቸዋለን።

ግንቦት 20 ለወር መዝጊያ ደብረ ማርቆስ ዋናው ቢሮ እመጣለሁ። ከሰዓት በኋላ ግማሽ ሰዓት ቢሰጡኝ ቁጭ ብለን እንነጋገርበት። የማይመችዎት ከሆነ የሚመችዎትን ቀን ይንገሩኝ፣ እኔ እመጣለሁ።

አክባሪዎ
አበባው
የቡሬና የፍኖተ ሰላም መጋዘን ኃላፊ
ግንቦት 12 ቀን 2017