የዜጎች መብትና ግዴታ፦ የአጭር መልስ መለማመጃ ከነመልሱ (የዜግነት ትምህርት፣ 10ኛ ክፍል)

መመሪያ፦ ጥያቄዎቹ 10 ናቸው፤ ጠቅላላ ነጥብ 25፣ የተሰጠው ጊዜ 50 ደቂቃ። መልሶቹ ከየጥያቄው ሥር ስላሉ መጀመሪያ በወረቀት ሸፍናችሁ ሞክሩ። ምሳሌ በተጠየቀበት ቦታ ትርጉም ብቻ ጽፎ የወጣ ተማሪ ከግማሽ ነጥብ በላይ አያገኝም። ምሳሌው ማን ምን እንዳደረገ፣ ማንስ እንደተጎዳ ወይም እንደተጠቀመ ማሳየት አለበት። «ለምሳሌ የመናገር ነፃነት» ማለት የመብቱን ስም መድገም እንጂ ምሳሌ አይደለም።

ስለ ሕገ መንግሥት ባለፈው ወረቀት ስለሠራን እዚህ የምንጠቀመው በሦስት ሰነዶች ነው። እነሱም የ1948ቱ ዓለም አቀፍ የሰብዓዊ መብቶች መግለጫ (ከዚህ በኋላ «መግለጫው»)፣ የ1966ቱ የሲቪልና የፖለቲካ መብቶች ቃል ኪዳን («ቃል ኪዳኑ») እና የ1981ዱ የአፍሪካ የሰብዓዊና የሕዝቦች መብቶች ቻርተር («ቻርተሩ») ናቸው። ዓመተ ምሕረቶቹ በሙሉ እንደ ኤውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

1. መብትና ግዴታ ምን ማለት ናቸው? ሁለቱ እንዴት እንደሚገናኙ በአንድ ምሳሌ አሳዩ። (2 ነጥብ)

መልስ፦ መብት አንድ ሰው በሕግ ተደግፎ ሊጠይቀው የሚችለው፣ ሌሎችም ሊያከብሩለት የሚገባ ጥቅም ወይም ነፃነት ነው። ግዴታ ደግሞ ሰው እንዲያደርግ ወይም እንዳያደርግ የሚጠበቅበት ነገር ነው። ምሳሌ፦ የመማር መብት (መግለጫው፣ አንቀጽ 26) ለልጁ ነው። በዚያው መብት መንግሥት ትምህርት ቤት የማቅረብ፣ ወላጅ ልጁን የመላክ፣ የክፍል ጓደኛውም ትምህርቱን ያለመረበሽ ግዴታ አለባቸው። ብዙ ተማሪ «መብት ያለው ሰው ግዴታም አለበት» ብሎ ያቆማል። ትክክል ነው፣ ግን ሙሉ አይደለም። የእኔ መብት በመጀመሪያ ግዴታ የሚጥለው በሌላው ላይ ነው፤ ይህን የጻፈ ሙሉ ነጥቡን ያገኛል።

2. የሰው ልጅ ሁሉ መብት ከዜጋ መብት በምን ይለያል? ለእያንዳንዱ ምሳሌ ስጡ። (3 ነጥብ)

መልስ፦ የመጀመሪያው ሰው ሆኖ ለተፈጠረ ሁሉ ነው፤ ሁለተኛው ለአንድ አገር ዜጎች ነው። የቃል ኪዳኑን አጻጻፍ ብታዩ አብዛኛው አንቀጽ ስለ «ማንኛውም ሰው» ይናገራል። አንቀጽ 25 ላይ ስትደርሱ ግን «ማንኛውም ዜጋ» ይላል። የመምረጥ፣ የመመረጥ፣ በሕዝብ ጉዳይ የመሳተፍና በእኩልነት የመንግሥት አገልግሎት ሥራ የማግኘት መብት የተቀመጠው እዚያ ነው።

ምሳሌ፦ አንድ የውጭ አገር ሰው በወንጀል ተጠርጥሮ ተያዘ እንበል። እንዳይሰቃይ የሚጠብቀው መብትና ፍርድ ቤት የሚሠራበትን ቋንቋ ካላወቀ በነፃ አስተርጓሚ የማግኘት መብት (አንቀጽ 14) ከዜጋው እኩል አለው። በብሔራዊ ምርጫ ግን በአብዛኛው አገር ድምፅ አይሰጥም። «በአብዛኛው» ያልኩት በምክንያት ነው፤ ኒው ዚላንድ ለምሳሌ በቋሚነት የሚኖሩ የውጭ ዜጎችም በብሔራዊ ምርጫ እንዲመርጡ ትፈቅዳለች። አገር መብቱን ከዜጎች አልፎ ሊያሰፋው ይችላል፤ ከዜጎች ላይ ግን ያለ በቂ ምክንያት ሊያጠበው አይችልም።

3. «ዜግነት ራሱ መብት ነው» የሚለውን አብራሩ። (2 ነጥብ)

መልስ፦ የመግለጫው አንቀጽ 15 ማንኛውም ሰው ዜግነት የማግኘት መብት እንዳለው፣ ማንም ዜግነቱን በዘፈቀደ ሊነጠቅ እንደማይገባ ይደነግጋል። ምሳሌ፦ ስትወለድ ያልተመዘገበች ልጅ አድጋ መታወቂያ ስትጠይቅ የትውልድ ማስረጃ አምጪ ትባላለች፤ ማስረጃ የላትም፤ መታወቂያ ስለሌላት ፓስፖርት አታገኝም፣ በመራጭነትም አትመዘገብም። ሌሎቹ መብቶች በወረቀት ላይ እያሉ በሩ የሚዘጋባት እዚህ ነው። የ1989ኙ የሕፃናት መብቶች ስምምነት በአንቀጽ 7 ሕፃን እንደተወለደ ወዲያው ይመዝገብ የሚለውም ለዚህ ነው።

4. ከአንድ ክፍል ስልክ ጠፋ። በእረፍት ሰዓት ብቻውን ክፍል ውስጥ የቀረ ተማሪ ነበር። አንዱ ጓደኛው ፎቶውን «ሌባው ተገኘ» ብሎ በክፍሉ የቴሌግራም ግሩፕ ለጠፈ። የትኞቹ መብቶች ተነኩ? (2 ነጥብ)

መልስ፦ የመጀመሪያው ጥፋተኛነቱ በሕግ መሠረት እስኪረጋገጥ ድረስ ንጹህ ሆኖ የመገመት መብት ነው (መግለጫው፣ አንቀጽ 11)። ሁለተኛው ክብሩና መልካም ስሙ እንዳይደፈር የሚጠብቀው አንቀጽ 12 ነው። ብቻውን መቅረቱ ለጥርጣሬ ምክንያት ሊሆን ይችላል፤ ማስረጃ ግን አይደለም። የስልኩ ባለቤትም ንብረቱን የማስመለስ መብት አለው፤ መንገዱ ለትምህርት ቤቱ ማመልከት ነው። ልጁ በእርግጥ ሰርቆ ቢገኝስ? መልሱ አይለወጥም፤ ፎቶው የተለጠፈው ከመረጋገጡ በፊት ነውና።

5. ሐሳብን የመግለጽ ነፃነት የሚገደበው በምን ሁኔታ ነው? ሦስቱን መመዘኛዎች ጻፉና ከታች ያሉትን አራት ሁኔታዎች መዝኑ። (4 ነጥብ)

ሀ) ተማሪዎች የትምህርት ቤቱ መጸዳጃ ቤት ውኃ እንደሌለው በማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ጽፈው አስተዳደሩን ተቹ።
ለ) አንድ ሰው የጎረቤቱን የኤችአይቪ ምርመራ ውጤት በፌስቡክ ለጠፈ።
ሐ) አንድ ተናጋሪ በሰልፍ መካከል የአንድ እምነት ተከታዮችን ቤት እንዲያቃጥሉ ሰልፈኞቹን ቀሰቀሰ።
መ) አንድ ባለሥልጣን፣ ሕግ ሳይጠቅስ፣ «ሕዝቡን አስቆጥቷል» በማለት አንድ ጋዜጣ እንዳይታተም ከለከለ።

መልስ፦ በቃል ኪዳኑ አንቀጽ 19 መሠረት ገደብ የሚጸናው ሦስቱም ሲሟሉ ነው፦ ገደቡ በሕግ መደንገግ አለበት፤ ዓላማው የሌሎችን መብትና መልካም ስም፣ የአገር ደኅንነትን፣ የሕዝብ ሰላምን፣ ጤናን ወይም ሞራልን መጠበቅ መሆን አለበት፤ ለዚያ ዓላማም አስፈላጊና ተመጣጣኝ መሆን አለበት። አንዱ ከጎደለ ገደቡ ይወድቃል።

(ሀ) የተጠበቀ ንግግር ነው። አስተዳደሩ ቅር ቢለውም የማንም መብት አልተነካም። «ሥነ ሥርዓት የጎደለው ነው» ብላችሁ የጻፋችሁ ካላችሁ፣ ትችትና ስድብ ለየቅል መሆናቸውን አስቡ። (ለ) ሊገደብ ይገባል፤ የግል ሕይወት ምስጢር ተነክቷል። ውጤቱ እውነት መሆኑ ለጣፊውን አያድነውም። (ሐ) ከመገደብም አልፎ አንቀጽ 20 መንግሥታት በሕግ እንዲከለክሉት የሚያዝዝ ነው፤ በሃይማኖት ጥላቻ ላይ የተመሠረተ የአመፅ ቅስቀሳ ነውና። (መ) ላይ ብዙዎቻችሁ የምትሰናከሉ ይመስለኛል፤ የሕዝብ ሰላም የሚለው ቃል ስለሚያጓጓ። ነገር ግን ባለሥልጣኑ ገና የመጀመሪያውን መመዘኛ አላለፈም፤ የጠቀሰው ሕግ የለም። ሕግ ቢኖርም እንኳ የሕዝብ ቁጣ ብቻውን ጋዜጣ ለመዝጋት አይበቃም። በየሁኔታው የትኛው መመዘኛ እንደወሰነው ሳትገልጹ «ይገደባል» ወይም «አይገደብም» ብቻ ብላችሁ ከጻፋችሁ ነጥብ የለም።

6. በአስቸኳይ ጊዜ እንኳ ሊታገዱ የማይችሉ ሁለት መብቶች ጥቀሱ። (1 ነጥብ)

መልስ፦ ከቃል ኪዳኑ አንቀጽ 4 ውስጥ ማናቸውንም ሁለት፦ በሕይወት የመኖር፣ ከስቃይ የመጠበቅ፣ ባሪያ ያለመሆን፣ ሲፈጸም ወንጀል ባልነበረ ድርጊት ያለመቀጣት፣ የሕሊናና የሃይማኖት ነፃነት። የመዘዋወር መብት እዚህ ውስጥ የለም፤ ሰዓት እላፊ ሊታወጅ የሚችለው ለዚህ ነው።

7. ግብር መክፈል ለምን የዜጋ ግዴታ ይባላል? ከዕለት ተዕለት ኑሮ ምሳሌ ስጡ። (2 ነጥብ)

መልስ፦ የቻርተሩ አንቀጽ 29 በሕግ የተጣለን ግብር መክፈልን ከግለሰብ ግዴታዎች አንዱ አድርጎ ይዘረዝራል። የመማር፣ የመታከም፣ ፍርድ የማግኘት መብት ያለ ገንዘብ አይፈጸምም። ምሳሌ፦ ነጋዴው «ያለ ደረሰኝ ከሆነ እቀንስልሃለሁ» ሲለው ገዢው ይስማማል። በዕቃው ላይ የነበረው ግብር ለሁለቱ ተከፋፈለ ማለት ነው። ግብር ከፋይም የተከፈለው ገንዘብ ምን ላይ እንደዋለ የመጠየቅ መብት አለው፤ ይህን የጨመረ ጎበዝ ነው።

8. የሕግ ግዴታንና የሞራል ግዴታን በምሳሌ ለዩ። ድምፅ መስጠት ከየትኛው ይመደባል? (2 ነጥብ)

መልስ፦ የሕግ ግዴታ ካልተፈጸመ ቅጣት ያስከትላል፤ ለምሳሌ ፍርድ ቤት በምስክርነት ጠርቶት ያለ በቂ ምክንያት የቀረ ሰው ሊቀጣ ይችላል። የሞራል ግዴታን ያልፈጸመ ግን የሚጠየቀው በሕሊናውና በኅብረተሰቡ ነው፤ ለምሳሌ አውቶቡስ ውስጥ ለአረጋዊ መቀመጫ ያለመልቀቅ። ድምፅ መስጠት እንደ አገሩ ሕግ ነው። በአብዛኛው አገር መብት ነው፤ አለመምረጥ አያስቀጣም። አውስትራሊያ ግን ለፌዴራል ምርጫ ከ1924 ጀምሮ ግዴታ አድርጋዋለች፤ ያለ ምክንያት የቀረ ይቀጣል። «መብት ነው» ብቻ ወይም «ግዴታ ነው» ብቻ ያለ ግማሽ ያገኛል።

9. ግዴታውን ያልተወጣ ዜጋ መብቱን ያጣል? (3 ነጥብ)

መልስ፦ በጥቅሉ አያጣም። ግዴታን ለጣሰ ሕግ ያስቀመጠው ቅጣት አለ፤ የሚደርስበት ያ ቅጣት ነው፣ በዳኛ ፊት ከተሰማ በኋላ። ምሳሌ፦ ግብር ሰውሯል የተባለ ነጋዴ ቢያዝ፣ የተያዘበትን ምክንያት የማወቅ፣ ጠበቃ የማቆም፣ ይግባኝ የማለት መብቱ አብሮት ይገባል። ቢፈረድበት የመዘዋወር ነፃነቱ ለተወሰነ ጊዜ ይቋረጣል፤ ያለመሰቃየት መብቱ ግን ለአንድ ቀን እንኳ አይቋረጥም። «መብትህን የምታገኘው ግዴታህን ስትወጣ ነው» የሚለው አነጋገር ለምክር ይጠቅም ይሆናል፤ ለፈተና መልስነት ግን ስሕተት ነው። እንዲያ ቢሆን ሕፃናትና በጠና የታመሙ ሰዎች መብት ባልኖራቸው ነበር።

10. ታኅሣሥ 1 ቀን 1955 በአሜሪካ ሞንትጎመሪ ከተማ ሮዛ ፓርክስ የአውቶቡስ መቀመጫዋን ለነጭ ተሳፋሪ አልለቅም በማለቷ ተያዘች፤ 10 ዶላር መቀጫና 4 ዶላር የፍርድ ቤት ወጪ እንድትከፍል ተፈረደባት። የከተማዋ ጥቁሮች ለ381 ቀናት በአውቶቡስ አንሳፈርም አሉ። በመጨረሻ የአገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በአውቶቡስ ውስጥ ያለው መለያየት ከሕገ መንግሥቱ ጋር እንደሚጋጭ ያረጋገጠው በ1956 ነው። ሕግ የማክበር ግዴታ ተጥሷል? አቋማችሁን በምክንያት አስረዱ። (4 ነጥብ)

መልስ፦ ሁለቱም አቋም ነጥብ ያገኛል፤ የሚታየው ምክንያቱ ነው። «ተጥሷል» የሚል ተማሪ በወቅቱ የጸና ደንብ እንደነበረ፣ ሁሉም ሰው ያልወደደውን ሕግ ቢጥስ ሥርዓት እንደማይቆም ሊጽፍ ይችላል። «አልተጣሰም» የሚል ደግሞ ከሁሉ በላይ የሆነው ሕገ መንግሥት ሲሆን ደንቡ ከእሱ ጋር የሚጋጭ እንደነበር፣ ፍርድ ቤቱም ያንኑ እንዳረጋገጠ ይጠቅሳል። በሁለቱም ወገን ሙሉ 4 ለማግኘት የመንገዱን ዓይነት ማየት ያስፈልጋል፦ እምቢታው ያለ ኃይል የተፈጸመ በይፋ የታየ ድርጊት ነበር፤ መያዝንና ቅጣትን ሸሽታ አልተደበቀችም፤ ጉዳዩም ፍርድ ቤት ደርሷል። በአውቶቡስ ያለመሳፈሩ ራሱ የተለየ ነገር ነው፤ አውቶቡስ ተሳፈሩ የሚል ግዴታ በማንም ላይ የለም። ይህን ለይቶ ያሳየ ተማሪ፣ ሌላው መልሱ ትንሽ ቢጎድለው እንኳ፣ ከ3 በታች አልሰጠውም።