የጠንካራ አሲድና የደካማ አሲድ ፒኤች ስሌት፦ የሞዴል ፈተናው ሰባተኛ ጥያቄ ከነሙሉ መልሱ

ይህ ጽሑፍ ጅማ ከተማ ውስጥ ለ12ኛ ክፍል የተፈጥሮ ሳይንስ ተማሪዎች በሚሰጠው የማጠናከሪያ ትምህርት ላይ ለቀረበው የኬሚስትሪ ሞዴል ፈተና ሰባተኛ ጥያቄ የተዘጋጀ ማብራሪያ ነው። ብዙዎቻችሁ ለሁለቱም አሲዶች አንድ ዓይነት መልስ ስለሰጣችሁ፣ ውጤቱን ብቻ ከመግለጽ ይልቅ አሠራሩን ከመነሻው ጀምሮ መጻፍ ተገቢ ሆኖ ተገኝቷል።

ጥያቄው

በአንድ ቤተ ሙከራ መደርደሪያ ላይ ሁለት ጠርሙሶች ተቀምጠዋል። አንደኛው 0.10 ሞላር ሃይድሮክሎሪክ አሲድ (HCl)፣ ሁለተኛው ደግሞ 0.10 ሞላር አሴቲክ አሲድ (CH₃COOH) ይዟል። የአሴቲክ አሲድ Ka በ25 ዲግሪ ሴልሺየስ 1.8 × 10⁻⁵ ነው።

ሀ) የሁለቱን ፈሳሾች ፒኤች አስሉ።
ለ) ከእያንዳንዱ ጠርሙስ 10 ሚሊ ሊትር ተወስዶ በተጣራ ውኃ ወደ 1.0 ሊትር ቢቀጥን፣ የእያንዳንዱ ፒኤች ስንት ይሆናል?
ሐ) ካልቀጠነው ፈሳሽ ከእያንዳንዱ 25 ሚሊ ሊትር ቢወሰድ፣ ሙሉ በሙሉ ለማርገብ ስንት ሚሊ ሊትር 0.10 ሞላር NaOH ያስፈልጋል?
መ) መለያ ወረቀቱ የተላጠ ሌላ ጠርሙስ ተገኘ፤ ፒኤቹ 3.00 ነው። ከሁለቱ አሲዶች አንዱን እንደያዘ ቢታወቅ፣ የትኛው እንደሆነ በምን ይለያል?

የ«ሀ» መልስ

ቀመር ከመጻፋችሁ በፊት መመለስ ያለበት አንድ ጥያቄ አለ፤ እሱም ውኃ ውስጥ ከገቡት የአሲድ ሞለኪውሎች መካከል ሃይድሮጅን አዮናቸውን የለቀቁት ምን ያህሎቹ ናቸው የሚለው ነው። ፒኤች የሚለካው ጠርሙሱ ላይ የተጻፈውን የአሲድ መጠን ሳይሆን በፈሳሹ ውስጥ በነጻነት የሚገኘውን የሃይድሮጅን አዮን ኮንሰንትሬሽን ነው። ዴንማርካዊው ኬሚስት ሶረንሰን በ1909 እ.ኤ.አ. ይህን መለኪያ ያስተዋወቀውም እጅግ ትንንሽ የሆኑትን የአዮን መጠኖች በሎጋሪዝም አማካይነት ለአያያዝ በሚመቹ ቁጥሮች ለመግለጽ ነበር።

pH = −log[H⁺]

ሃይድሮክሎሪክ አሲድ ጠንካራ አሲድ ስለሆነ በዚህ ኮንሰንትሬሽን ሙሉ በሙሉ ወደ አዮኖች ይለያያል። ስለዚህ 0.10 ሞላር አሲድ 0.10 ሞላር ሃይድሮጅን አዮን ይሰጣል፤ ስሌቱም በአንድ መስመር ያልቃል።

pH = −log(0.10) = 1.00

አሴቲክ አሲድ ግን ደካማ ነው። ሞለኪውሎቹ ይለያያሉ፣ የተለያዩት አዮኖች ደግሞ ተመልሰው ይገናኛሉ፤ ሁለቱ ሂደቶች እኩል ፍጥነት ላይ ሲደርሱ አብዛኛው አሲድ ሳይለያይ እንደቀረ ፈሳሹ ሚዛን ላይ ይረጋል።

CH₃COOH ⇌ H⁺ + CH₃COO⁻

የተለያየውን መጠን x ብንለው፣ በሚዛን ጊዜ [H⁺] = x፣ [CH₃COO⁻] = x፣ ያልተለያየው አሲድ ደግሞ 0.10 − x ይሆናል። እነዚህን በ Ka እኩልታ ውስጥ ስንተካ የሚከተለውን እናገኛለን።

Ka = x² / (0.10 − x) = 1.8 × 10⁻⁵

የ Ka ዋጋ በጣም ትንሽ በመሆኑ x ከ0.10 ጋር ሲነጻጸር እዚህ ግባ እንደማይባል አድርገን 0.10 − x የሚለውን በ0.10 ብቻ እንተካለን። በዚህ መሠረት፦

x² = 1.8 × 10⁻⁶
x = 1.34 × 10⁻³ ሞላር
pH = −log(1.34 × 10⁻³) = 2.87

ግምቱ ተቀባይነት እንዳለው ማረጋገጥ የመልሱ አንድ አካል ነው፤ ያላረጋገጠ ተማሪ ሙሉ ነጥብ አያገኝም። 1.34 × 10⁻³ ለ0.10 ተካፍሎ በ100 ሲባዛ 1.34 በመቶ ይሰጣል፤ ይህም ከተለመደው የ5 በመቶ ወሰን በታች ስለሆነ ግምቱ ያስኬዳል። በሌላ አነጋገር፣ ከ75 የአሴቲክ አሲድ ሞለኪውሎች መካከል ሃይድሮጅን አዮኑን ለቆ የሚገኘው አንዱ ገደማ ብቻ ነው። በኳድራቲክ ቀመር በትክክል ብናሰላው 1.33 × 10⁻³፣ ፒኤቹም 2.88 ይመጣል። በሁለተኛው የአስርዮሽ ቦታ ላይ የአንድ ልዩነት ስላለ፣ 2.87ም ሆነ 2.88 የጻፈ ተማሪ ትክክል ነው።

ካልኩሌተር በእጃችሁ በማይኖርበት ጊዜ የሚረዳ አጭር መንገድም አለ። የ1.8 ሎጋሪዝም 0.26 ገደማ መሆኑን ካስታወሳችሁ፣ pKa = 5 − 0.26 = 4.74 ይሆናል፤ ከዚያም pH = ½(pKa − log C) በሚለው ቀመር ½(4.74 + 1) = 2.87 ታገኛላችሁ። ይህ ቀመር ግን ከላይ ያደረግነውን ግምት በውስጡ የያዘ በመሆኑ፣ ግምቱ በማይሠራበት ቦታ እሱም አይሠራም።

በፈተናው ላይ በብዛት የታየው ስህተት ለአሴቲክ አሲድም 1.00 ብሎ መመለስ ነው። የዚህ ምክንያቱ የአሲድን ጥንካሬ ከኮንሰንትሬሽኑ ጋር ማምታታት ይመስለኛል። ጥንካሬ አሲዱ ምን ያህል እንደሚለያይ የሚገልጽ የአሲዱ የራሱ ባሕርይ ሲሆን፣ ኮንሰንትሬሽን ግን በአንድ ሊትር ውስጥ ምን ያህል አሲድ እንዳስገባን የሚናገር፣ እኛ የምንወስነው መጠን ነው። መርካቶ ከሚገኝ ሱቅ የሚገዛ 5 በመቶ አሴቲክ አሲድ የያዘ አቼቶ ኮንሰንትሬሽኑ 0.83 ሞላር ገደማ ነው፤ ማለትም በጥያቄው ላይ ካለው ሃይድሮክሎሪክ አሲድ ስምንት እጥፍ ይበልጣል። ሆኖም በዚሁ ስሌት ፒኤቹ 2.4 አካባቢ ስለሚሆን፣ በሃይድሮጅን አዮን መጠን ከዚያ ቀጭን ሃይድሮክሎሪክ አሲድ እጅግ ያንሳል።

አንድ ተማሪ ጅማ ብዙውን ጊዜ ከ25 ዲግሪ በታች ስለምትቀዘቅዝ መልሱ ይለወጥ እንደሆነ ጠይቋል። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ Ka ከሙቀት ጋር ይለዋወጣልና። ነገር ግን የአሴቲክ አሲድ Ka በ15 እና በ25 ዲግሪ መካከል የሚያሳየው ለውጥ በጣም ጥቂት ስለሆነ፣ እዚህ በምንጽፋቸው ሁለት የአስርዮሽ ቦታዎች ላይ ይህ ነው የሚባል ልዩነት አያመጣም።

የ«ለ» መልስ

10 ሚሊ ሊትር ወደ 1.0 ሊትር ሲቀጥን ኮንሰንትሬሽኑ 100 ጊዜ ቀንሶ 0.0010 ሞላር ይሆናል። የሃይድሮክሎሪክ አሲዱ ፒኤች ወዲያውኑ 3.00 ነው።

ጥያቄው የተዘጋጀው ግን በዋናነት ለአሴቲክ አሲዱ ነው። የቀደመውን ግምት ሳያመዛዝን የደገመ ተማሪ x = √(1.8 × 10⁻⁸) = 1.34 × 10⁻⁴፣ ፒኤቹንም 3.87 ብሎ ይጽፋል። ይህንን ከ0.0010 ጋር ስናነጻጽረው 13.4 በመቶ ይሆናል፤ የ5 በመቶው ወሰን ስለተጣሰ x ን ቸል ማለት አይቻልም። ስለዚህ እኩልታው በሙሉ ይጻፋል።

x² + (1.8 × 10⁻⁵)x − 1.8 × 10⁻⁸ = 0
x = [−1.8 × 10⁻⁵ + √(3.24 × 10⁻¹⁰ + 7.2 × 10⁻⁸)] / 2
x = 1.25 × 10⁻⁴ ሞላር
pH = 3.90

ሁለተኛው የኳድራቲክ መልስ ኔጋቲቭ ስለሆነ ይጣላል፤ ኮንሰንትሬሽን ከዜሮ በታች ሊሆን አይችልም።

ውጤቶቹን ጎን ለጎን ስናያቸው፣ ጠንካራው አሲድ 100 ጊዜ ሲቀጥን ፒኤቹ በ2.00 ሲጨምር፣ የደካማው ፒኤች የጨመረው በ1.0 ገደማ ብቻ ነው። ውኃ ሲጨመር የደካማው አሲድ ሚዛን አዮኖች ወደሚበዙበት አቅጣጫ ስለሚያዘነብል፣ የተለያየው ክፍል ከ1.3 በመቶ ወደ 12.5 በመቶ አድጓል፤ በማቅጠን ምክንያት የጠፋውን የሃይድሮጅን አዮን መጠን በከፊል የሚተካውም ይህ ተጨማሪ መለያየት ነው። አሲዱ በሚቀጥንበት ጊዜ «ጠንካራ ሆነ» ብለው የጻፉ ተማሪዎች አሉ። ይህ ትክክል አይደለም፤ Ka አልተለወጠምና፤ የተለወጠው በመቶኛ የተለያየው ድርሻ ነው።

ከጥያቄው ጥቂት ወጣ ብለን ብንመለከት፣ ለጠንካራ አሲድም ቢሆን የአንድ መስመሩ ስሌት ወሰን አለው። 1.0 × 10⁻⁸ ሞላር የሆነ ሃይድሮክሎሪክ አሲድ በዚያ መንገድ ቢሰላ ፒኤቹ 8.00 ይመጣል፤ አሲድ ግን ምንም ያህል ቢቀጥን ቤዝ አይሆንም። እንዲህ ባለ ጊዜ ውኃው ራሱ የሚሰጠው ሃይድሮጅን አዮን መታሰብ ስላለበት፣ Kw ሲጨመርበት ትክክለኛው መልስ 6.98 ይሆናል።

የ«ሐ» መልስ

25 ሚሊ ሊትር ከ0.10 ሞላር ጋር ሲባዛ በሁለቱም ጠርሙሶች 2.5 ሚሊ ሞል አሲድ ይሰጣል፤ ስለዚህ ለሁለቱም የሚያስፈልገው NaOH እኩል 25 ሚሊ ሊትር ነው። ለአሴቲክ አሲዱ 0.34 ሚሊ ሊትር ብለው የመለሱ ተማሪዎች የተለያየውን ክፍል ብቻ ቆጥረዋል። ሃይድሮክሳይድ ነጻውን ሃይድሮጅን አዮን በወሰደ ቁጥር ሚዛኑ ስለሚዛባ፣ ያልተለያየው አሲድ ጨርሶ እስኪያልቅ ድረስ መለያየቱን ይቀጥላል። ልዩነቱ የሚታየው በማብቂያው ነጥብ ላይ ነው፤ በሃይድሮክሎሪክ አሲዱ ፍላስክ ውስጥ ፒኤቹ 7.00 ሲሆን፣ በአሴቲክ አሲዱ ውስጥ ግን የአሲቴት አዮን ከውኃ ጋር ስለሚዋሃድ 8.72 ይሆናል። ፊኖልፍታሌይን ለዚህ ቲትሬሽን የሚመረጠውም ቀለሙን የሚቀይረው በዚሁ አካባቢ ስለሆነ ነው።

የ«መ» መልስ

ፒኤቹ 3.00 መሆኑ ብቻውን የሚነግረን [H⁺] = 1.0 × 10⁻³ ሞላር መሆኑን ነው፤ ይህ ደግሞ ከሁለቱም አሲዶች ሊገኝ ይችላል። ሃይድሮክሎሪክ አሲድ ከሆነ ኮንሰንትሬሽኑ 0.0010 ሞላር ነው። አሴቲክ አሲድ ከሆነ ደግሞ ስሌቱን ወደ ኋላ እንሠራለን።

C = x + x²/Ka = 1.0 × 10⁻³ + (1.0 × 10⁻⁶)/(1.8 × 10⁻⁵) = 0.057 ሞላር

በሊትመስ ወረቀት ሁለቱም ቀይ ስለሚያሳዩ፣ በፒኤች ሜትርም አንድ ቁጥር ስለሚሰጡ፣ በእነዚህ መለየት አይቻልም። በሽታ መለየት እንደሚቻል የጻፉ ተማሪዎች ሐሳባቸው መሠረት ቢኖረውም፣ ያልታወቀን ኬሚካል አፍንጫ ሥር አድርጎ ማሽተት በቤተ ሙከራ የተከለከለ ስለሆነ ነጥብ አልተሰጠበትም። የሚለየው ቲትሬሽን ነው። ከጠርሙሱ 25 ሚሊ ሊትር ተወስዶ፣ ሁለት ሦስት ጠብታ ፊኖልፍታሌይን ተጨምሮበት፣ 0.10 ሞላር NaOH ከቡሬት በጠብታ ይለቀቅበታል። በ0.25 ሚሊ ሊትር፣ ማለትም በአምስት ጠብታ ገደማ፣ ፍላስኩ ውስጥ ያለው ፈሳሽ ሮዝ ሆኖ ከቀረ ጠርሙሱ የያዘው ሃይድሮክሎሪክ አሲድ ነው፤ ሮዙ ቀለም ብቅ እያለ በማወዛወዝ የሚጠፋና 14 ሚሊ ሊትር ገደማ እስኪገባ ድረስ የማይረጋ ከሆነ ግን አሴቲክ አሲድ ነው።