የምኖርበት ቤት በማስታወቂያችሁ ላይ ለኪራይ ቀርቧል

ለኪራይ ማስታወቂያ ድረ ገጹ የደንበኞች ደህንነት ክፍል

ጉዳዩ፦ በማስታወቂያ ቁጥር 40718 የተለጠፉት ፎቶግራፎች የተሰረቁና የተነካኩ መሆናቸውን ስለማሳወቅ

በእናንተ ድረ ገጽ በኩል ቤት አግኝቼ ከተከራየሁ ሁለት ዓመት ከአራት ወር ሆኖኛል። እስካሁን አንድም ቅሬታ አቅርቤ አላውቅም። ባለፈው ቅዳሜ ጠዋት ግን በሬ ተንኳኳ። ስከፍት አንዲት ወጣት ከእናቷ ጋር ቆማለች። የሚከራየውን ቤት ለማየት እንደመጡ ነገሩኝ። የሚከራይ ቤት እንደሌለና እኔ እንደምኖርበት ስነግራቸው ልጅቱ ስልኳን አውጥታ አሳየችኝ። ሳሎኔን አየሁት።

የራሴ ሳሎን መሆኑን ለማወቅ ግን ጥቂት ጊዜ ወስዶብኛል፤ ግራና ቀኙ ተለዋውጦ ነበርና። ሶፋው የቤቱ ነው፣ የመጻሕፍት መደርደሪያው የቤቱ ነው፣ መብራቱም የቤቱ ነው። ሆኖም በሩ በሌለበት በኩል ይከፈታል፤ ማብሪያ ማጥፊያውም ከግራ ወደ ቀኝ ተሻግሯል። በየቀኑ የማየው ክፍል በመስተዋት ውስጥ የተነሳ ይመስል ነበር።

ማስታወቂያውን ያወጣው ሰው ከአገር ውጭ እንዳለ፣ ቤቱን ከውጭ ብቻ ማየት እንደሚችሉ፣ ቁልፉም ቀብዱ በግል የባንክ ሒሳቡ ከገባ በኋላ በመልእክተኛ እንደሚደርሳቸው ጽፎላቸዋል። ክፍያው በእናንተ የክፍያ መንገድ እንዲያልፍ ሲጠይቁት «ድረ ገጹ ኮሚሽን ይቆርጥብናል» ብሎ እምቢ አለ። የጠየቀው ኪራይ እኔ ከምከፍለው በሲሶ ያህል ያንሳል። ልጅቱ በዚያው ዕለት ልትከፍል ቆርጣ ነበር። ገንዘቧን ያተረፉላት እናቷ ናቸው፤ «በር ሳላንኳኳ አምስት ሳንቲም አይወጣም» ብለው ይዘዋት መጡ። የተለዋወጡትን መልእክት ራሷ እንደምትልክላችሁ ነግራኛለች፤ ስለዚህ እዚህ አልደግመውም።

አሁን ወደ ፎቶግራፎቹ ልግባ። በማስታወቂያው ላይ ሰባት አሉ። አራቱ የእኔ መኖሪያ ናቸው፤ እኔ ቤቱን ስከራይ በእናንተው ድረ ገጽ ላይ ወጥቶ ከነበረው የድሮ ማስታወቂያ የተወሰዱ። የድሮውን ማስታወቂያ ማያያዣ አስቀምጬው ስለነበር ከፍቼ ጎን ለጎን አስተያየኋቸው። ከሁለት ዓመት በኋላም ያለ ምንም ችግር ይከፈታል፤ በዚህ ጉዳይ ላይ ኋላ እመለሳለሁ።

የመጀመሪያው የሳሎኑ ፎቶ ነው። ከሶፋው በላይ የአከራዬ የግድግዳ ሰዓት አለ፤ ትልልቅ ቁጥሮች ያሉት የቆየ ሰዓት። በአዲሱ ማስታወቂያ ላይ ሰዓቱ አለ፣ ሁለቱ ዘንጎች አሉ፣ ቁጥሮቹ ግን የሉም። ፎቶው ሲገለበጥ ቁጥሮቹ ተገልብጠው ስለሚታዩና ሥራውን ስለሚያጋልጡ አንድ ሰው ተቀምጦ አንድ በአንድ አጥፍቷቸዋል። ምስሉን አጉልታችሁ ብታዩት የሰዓቱ ፊት እንደ ቀለም ቅብ ጠፍጣፋ ሆኖ፣ በዙሪያው ያለው ግድግዳ ግን ጭረቱና ነጠብጣቡ ሳይቀር በቦታው ይታያል። ከሰባቱ ፎቶዎች አንዱን ብቻ የምታዩበት ጊዜ ካላችሁ ይህን እዩልኝ።

ሁለተኛው መስኮቱ ነው። የእኔ መስኮት ሲከፈት የሚታየው ሁለት ሜትር እንኳ የማይርቅ የጎረቤት ሕንፃ ግድግዳ ነው። በማስታወቂያው ላይ ዛፍና ሰማያዊ ሰማይ ሆኗል። ዛፎቹ ብርሃን የሚያገኙት ከቀኝ ነው፤ በክፍሉ ወለል ላይ ያለው የወንበር ጥላ ግን ብርሃኑ ከዚያው ከቀኝ መጥቶ ቢሆን ኖሮ ሊወድቅ በማይችልበት በኩል ወድቋል። በመጋረጃው ጠርዝ ላይም ከአሮጌው ምስል የተረፈ ቀጭን ግራጫ መስመር አለ። እውነት ለመናገር እንዲህ ያለ መስኮት ቢኖረኝ ደስታዬ ነበር።

በመኝታ ክፍሉ ፎቶ ላይ ኮርኒሱ ላይ ያለው የቆየ የውሃ ፍሳሽ እድፍ ጠፍቷል። የቁም ሣጥኑ ጠርዝ እድፉ ከነበረበት ሥር ሲደርስ ይጎብጣል፤ በእንጨቱ ላይ ያለች አንዲት ጥቁር ዓይንም በአንድ ዓይነት ቅርጽ ሦስት ቦታ ትታያለች። ከአንዱ የምስሉ ክፍል ተቀድቶ ሌላውን የሸፈነ ሰው የሚተወው አሻራ ይኸው ነው።

አራተኛው፣ የወጥ ቤቱ ፎቶ፣ ከእኔ ይልቅ እናንተን ይመለከታል። በድሮው ማስታወቂያ ላይ በቀኝ በኩል ታችኛው ጥግ ላይ የድረ ገጻችሁ ምልክት በስሱ ታትሞ ነበር። በአዲሱ ላይ ምስሉ ስለተገለበጠ ያ ጥግ ወደ ግራ መጥቷል፤ ልክ እዚያ ቦታ የወለሉ ሰድር መስመሮች ተቋርጠው ደብዝዘዋል። በግራ እጅ በኩል ያለው የማጠቢያ ገንዳ እግር ግማሹ አብሮ ተበልቷል። የራሳችሁ ምልክት ተፍቆ መልሶ ለራሳችሁ ቀርቦላችኋል ማለት ነው።

አምስተኛውና ስድስተኛው መታጠቢያ ቤቱን ያሳያሉ ተብለው የተለጠፉ ናቸው። የእኔ መታጠቢያ ቤት የቁም ሻወር ብቻ ነው ያለው፤ በፎቶው ላይ ግን ሰፊ የገላ መታጠቢያ ገንዳ አለ። ምስሉን እንዳለ በጉግል የምስል ፍለጋ ስሞክረው ምንም አላገኘሁም። ግራና ቀኙን ገልብጬ ስፈልገው ወዲያው የአንድ ሆቴል ገጽ መጣ፤ ያው ገንዳ፣ ያው ፎጣ፣ ያው የመስተዋት ፍሬም። የሆቴሉን ገጽ አድራሻ ከዚህ ጋር አያይዣለሁ። ሰባተኛው ፎቶ በረንዳ ያሳያል። ቤቴ በረንዳ የለውም።

ፎቶን ማሳመርን ሁሉ እቃወማለሁ ማለቴ አይደለም። ጨለማ ክፍል ትንሽ ቢበራ፣ ሰፊ በሚያነሳ ሌንስ ጠባብ ክፍል ቢነሳ የተለመደ ነው፤ ተከራይም ሄዶ ሲያየው ልዩነቱን ያውቀዋል። እድፍ ማጥፋት፣ ግድግዳውን በሰማይ መተካትና የሆቴል መታጠቢያ ቤት መጨመር ግን የሌለ ቤት መሥራት ነው። የፎቶ ፋይሎቹ ውስጥ የተነሱበት ቀን ወይም የካሜራው መረጃ አለመገኘቱን ግን እንደ ማስረጃ አላቀርብም፤ ብዙ ድረ ገጾች ፎቶ ሲጫንባቸው ይህን መረጃ ራሳቸው ስለሚሰርዙት መጥፋቱ ብቻውን ማንንም አያስወነጅልም። መጀመሪያ የተጫነው ፋይል በእናንተ ዘንድ ካለ ግን ከእኔ የተሻለ ማየት ትችላላችሁ።

ምናልባት አከራዬ ሳይነግሩኝ ቤቱን አቅርበውት ይሆን ብዬ በዚያው ቀን ደውዬላቸዋለሁ። ማስታወቂያውን አያውቁትም፤ ውሌም ገና ስምንት ወር ይቀረዋል። ብትጠይቋቸው ራሳቸው ሊያረጋግጡላችሁ ፈቃደኛ ናቸው።

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ከማስታወቂያው ሥር ባለው «ጠቁም» በሚለው ቁልፍ ሪፖርት አድርጌ ነበር። ከአራት ደቂቃ በኋላ ማስታወቂያው የድረ ገጹን ደንብ እንዳልጣሰ የሚገልጽ መልስ ደረሰኝ። በአራት ደቂቃ ውስጥ ሰው አይቶታል ብዬ ለማመን ይቸግረኛል። የተለጠፉ ፎቶዎችን ከድሮዎቹ ጋር የሚያነጻጽር ሥርዓት ካላችሁና ከፋይሉ የሚሰላውን መለያ ማለትም የፋይሉን አሻራ ብቻ የሚያነጻጽር ከሆነ፣ በምስሉ ላይ አንዲት ነጥብ ስትለወጥ አሻራው ሁሉ ስለሚለወጥ አይሠራም። የምስሉን መልክ የሚያነጻጽረውም ቢሆን መጠኑ የተቀነሰን ፎቶ ሊይዝ ይችላል እንጂ ግራና ቀኙ የተገለበጠው ብዙ ጊዜ ያመልጠዋል፤ ግልባጩንም ጨምሮ እንዲፈልግ ካልተደረገ በቀር። ሌባው ይህን ሳያውቅ አልቀረም።

ስለዚህ የምጠይቃችሁ የሚከተለውን ነው። ማስታወቂያውን ዛሬውኑ ከሕዝብ እይታ አንሱት፤ ነገር ግን አትሰርዙት። ፎቶዎቹን፣ መልእክቶቹንና የተጫኑበትን መረጃ ሁሉ እንዳለ አቆዩት፤ ገንዘብ የከፈለ ሰው ካለ ለፖሊስ የሚያቀርበው ማስረጃ ያ ብቻ ሊሆን ይችላልና። አውጪው «ቤቱ የእኔ ነው» የሚል ከሆነ በቀጥታ ቪዲዮ በሩን ከፍቶ ገብቶ ያሳያችሁ፤ አዲስ ፎቶ ልላክ ቢላችሁ አትቀበሉት፤ እንዴት አድርጎ እንደሚሠራው አይታችኋል። ከማስታወቂያው ጋር መልእክት ለተለዋወጡ ሰዎች ሁሉ ገንዘብ እንዳይልኩ በእናንተ ስም ንገሯቸው፤ ይህ ከሁሉ በፊት መሆን አለበት፤ ዛሬ ማታ የሚከፍል ሰው ሊኖር ይችላል። በዚያው ሰው ስም ወይም ስልክ የወጡ ሌሎች ማስታወቂያዎች ካሉም መርምሩ። የሕንፃዬ አድራሻ ከሐሰተኛው ማስታወቂያ እንዲወጣም እፈልጋለሁ።

ቀደም ብዬ እመለስበታለሁ ያልሁት ጉዳይም አለ። ከሁለት ዓመት በፊት የተከራየ ቤት ፎቶዎች አሁንም በማያያዣው ለማንም ይከፈታሉ። በውስጡ ሰው የሚኖርበትን ቤት አቀማመጥ፣ የመስኮቱንና የበሩን ሁኔታ ከነአድራሻው ማንም ቁጭ ብሎ ሊያጠናው ይችላል። ቤት ሲከራይ ፎቶዎቹ ከሕዝብ እይታ መውጣት ነበረባቸው። የድሮውን ማስታወቂያ ለምርመራችሁ ቅጂ ካስቀራችሁ በኋላ እንድታጠፉልኝ እጠይቃለሁ፤ አከራዬም በዚህ ተስማምተዋል።

ስሜንና የቤት ቁጥሬን ለማስታወቂያው አውጪ እንዳትገልጹ አደራ። የት እንደምኖር ያውቃል፤ ማን እንደጠቆመ ግን አያውቅም፤ እንዲያውቅም አልፈልግም።

ከዚህ ደብዳቤ ጋር የሰባቱንም ፎቶዎች የማያ ገጽ ቅጂ ከቀንና ሰዓታቸው ጋር፣ የድሮውን ማስታወቂያ ማያያዣ፣ የሆቴሉን ገጽ አድራሻ፣ እንዲሁም ዛሬ በስልኬ ያነሳኋቸውን የሳሎኑን ሰዓት፣ የመስኮቱንና የኮርኒሱን ፎቶዎች አያይዣለሁ። የእኔዎቹን ምንም አልነካኋቸውም፤ እድፉም በቦታው አለ።

በዚህ መለያ በኩል ወይም በተመዘገበው ስልኬ ልታገኙኝ ትችላላችሁ። ትናንት ማታ አንድ ሰው ሻንጣውን ይዞ በሩ ላይ መጥቶ ነበር። ቀብዱን ከከፈለ ሦስት ቀን ሆኖታል። የማስታወቂያውን ቁጥር ወረቀት ላይ ጽፌ፣ ይህ ደብዳቤ እንደሚላክላችሁም ነግሬ ሸኘሁት። ደብዳቤ ይጽፍላችኋል፤ እባካችሁ እሱን በአራት ደቂቃ አትመልሱት።

ከአክብሮት ጋር
በዚህ መለያ የተመዘገብሁ ተከራይ