የእረፍት ጥያቄሽን በተመለከተ

ደብረ ብርሃን
መጋቢት 18 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለወይንሸት፣ የወተት ጥራት ተቆጣጣሪ

ጉዳዩ፦ የ12 ቀን የዓመት ፈቃድ ጥያቄ አለመፈቀዱን ስለማሳወቅ

ወይንሸት፣ እንደምን ሰነበትሽ?

መጋቢት 15 ያስገባሽውን ማመልከቻ አንብቤዋለሁ። ቁርጡን ከመጀመሪያው ልንገርሽ። ከሚያዝያ 5 እስከ ሚያዝያ 17 የጠየቅሽውን የ12 የሥራ ቀን ፈቃድ አልፈቀድኩም። ወደ ስድስት ወይም ወደ አራት ቀን ዝቅ ብታደርጊውም መልሴ ያው ነው። በእነዚያ ሁለት ሳምንታት ሥራ ላይ ትሆኛለሽ።

ይህን ስጽፍልሽ ቀሎኝ አይደለም። ታናሽ እህትሽ ናት የምትዳረው። አባታችሁ ካረፉ ወዲህ በቤታችሁ የመጀመሪያው ሰርግ እንደሆነም ጽፈሻል። እናትሽ ጌሾውን ብቻቸውን ሲወቅጡ፣ ጠላውን ብቻቸውን ሲጠምቁ፣ አንቺ እዚህ ነጭ ካፖርት ለብሰሽ ወተት ስትቀበዪ መዋልሽ እንደሚከብድሽ ይገባኛል። ትልቅ ልጅ ለእናቷ ቀኝ እጇ ናት። የጠየቅሽው ለመዝናናት እንዳልሆነም አውቃለሁ።

ምክንያቱን በደንብ ልንገርሽ፤ ሳይነገርሽ እንድትቀሪ አልፈልግም።

ጥራት ላይ ያላችሁት ሁለት ሰዎች ናችሁ። ባልደረባሽ የወሊድ ፈቃድ ላይ ናት፣ የምትመለሰው ሰኔ 1 ነው። አዲሱ ልጅ ጎበዝ ነው፣ ላክቶሜትር ማንበብም ለምዷል። የአልኮል ምርመራውን ግን ብቻውን ሠርቶ አያውቅም። እሱን ብቻውን በር ላይ አቁሜ «ይህን ተቀበል፣ ያንን መልስ» ብለው ለእሱም በደል ነው።

ቀኑ ደግሞ ከዓመቱ ሁሉ የከበደው ነው። አሁን በሁዳዴ እንደምታዪው ሥራው ቀዝቅዟል፣ ገበሬውም ወተቱን ወደ ቅቤ አዙሮታል። ፋሲካ ሚያዝያ 4 ነው። በማግሥቱ ሁሉም ወተት ይፈልጋል፣ ሁሉም ወተት ያመጣል። በአዘቦቱ እንኳ ረቡዕና ዓርብ ትንሽ እንተነፍሳለን። በበዓለ ሃምሳ ግን እሱም የለም፣ ምክንያቱም ረቡዕም ዓርብም አይጾምም። አምና በዚያ ሳምንት የበሩ ሰልፍ አጥሩን አልፎ እስከ አስፋልቱ ሲደርስ አብረን አይተናል።

አምና ያደረግሽውን ደግሞ እኔ አልረሳሁትም። የፋሲካ ሳምንት ሐሙስ ጠዋት ነበር። ከነባር ደንበኞቻችን የአንዱ ቢዶን ሲከፈት መልኩም ሽታውም ደህና ነበር። እኔ አጠገብሽ ቆሜ ነበር፣ በእኔ ቢሆን አሳልፈው ነበር። አንቺ ላክቶሜትሩን ስትጥይው 24 ላይ ቆመ። ያልተነካ የላም ወተት ከ28 በታች እምብዛም አይወርድም። ሰውየውን በሰው ፊት አላዋረድሽውም። ወደ ጎን ጠርተሽ «አባባ፣ ዛሬ ይህን አልቀበልዎትም» አልሽው። በዚያው ጠዋት ሌላ ቢዶን ደግሞ አልኮሉ ሲገባበት ትንንሽ ቋጠሮ ሠርቶ ረጋ። ከሩቅ መንደር በአህያ ተጭኖ፣ ፀሐይ ላይ ሁለት ሰዓት የቆየ ወተት ነበር። እነዚያ ሁለት ቢዶኖች ታንኩ ውስጥ ቢገቡ ኖሮ 2,000 ሊትር ይደፋ ነበር። በየ15 ቀኑ የምንከፍላቸው እናቶች ገንዘብ ከዚያው ታንክ ነው የሚወጣው። ያንን በር በዚያ ሳምንት ያለ አንቺ ልከፍተው አልችልም።

አንድ ነገር ደግሞ ይቅርታ ልጠይቅሽ። ጥር ላይ ኮሪደር ላይ አግኝተሽኝ በቃል ስትጠይቂኝ «እናያለን» አልኩሽ። ያን ማለት አልነበረብኝም። የባልደረባሽን ፈቃድ ያኔም አውቀው ነበር፣ ፋሲካ መቼ እንደሚውልም አውቅ ነበር። ያኔውኑ አይሆንም ብልሽ እናትሽ ሌላ ሰው ለመፈለግ ሁለት ወር ያገኙ ነበር። «እናያለን» ስልሽ በልብሽ እንደተፈቀደ አድርገሽ ይዘሽው ከነበረ ጥፋቱ የእኔ ነው።

ሕጉን በተመለከተ፣ የሰው ኃይል ክፍል ጠይቀሽ እንደነበር ሰምቻለሁ። መጠየቅሽ ተገቢ ነው። በአዋጅ ቁጥር 1156/2011 ሦስት ቀን ልዩ ፈቃድ የሚሰጠው ሠራተኛዋ ራሷ ስታገባ ነው፣ ለእህት ሰርግ አይሠራም። የዓመት ፈቃድ ግን መብትሽ ነው። የሥራው ሁኔታ ሲያስገድድ አሠሪ ጊዜውን ሊያስተላልፈው ይችላል፤ ሊያስቀረው ግን አይችልም። ስለዚህ ከ14ቱ ቀሪ ቀኖችሽ አንድም አይነካም።

የማደርግልሽ ይህ ነው። ሰርጉ እሑድ ሚያዝያ 11፣ የዳግም ትንሣኤ ዕለት ነው። እሑድ የሳምንት እረፍትሽ ነው፣ እንዳለ ያንቺ ነው። ቅዳሜ ሚያዝያ 10 የጠዋቱን ርክክብ ጨርሰሽ ከቀኑ 6 ሰዓት ትወጫለሽ። የቅዳሜ ማታውንና የሰኞ ጠዋቱን እኔ ራሴ በር ላይ ቆሜ እቀበላለሁ፤ ልጁም አብሮኝ ይሆናል። ያንቺን ዓይን እንደማልተካው አውቃለሁ፣ ለሁለት ርክክብ ግን ኃላፊነቱን እኔ እወስዳለሁ። አንቺ ሰኞ በማለዳው መኪና ከመሐል ሜዳ ተነስተሽ በጣርማ በር በኩል ትመጫለሽ፣ ከቀኑ 10 ሰዓት ለማታው ርክክብ ትገኛለሽ። የቅዳሜ ከሰዓቱና የሰኞ ጠዋቱ ከፈቃድሽም ከደመወዝሽም አይቆረጥም። ለመልሱ እንደማትደርሺ አውቃለሁ። ያንን መስጠት አልቻልኩም።

የ12 ቀኑን እረፍት ከሰኞ ሰኔ 8 እስከ ቅዳሜ ሰኔ 20 ትወስጃለሽ። ይህን ዛሬውኑ በፈቃድ መርሐ ግብሩ ላይ ፈርሜበታለሁ፤ ቅጂው ከዚህ ደብዳቤ ጋር ተያይዟል። ያኔ ባልደረባሽ ተመልሳለች። የሐዋርያት ጾምም ግንቦት 24 ስለሚገባ ሥራው ይቀላል። እናትሽ የሰርጉ ግርግር አልፎ ቤቱ ጭር ሲልባቸው አብረሻቸው ትሰነብቻለሽ። ሰኔ ላይ ሌላ ሥራ መጣ ብዬ ቀኑን አልነካውም።

ይህ ውሳኔ አይለወጥም። ሌላ ሰው ብታማልጂብኝም፣ እኔኑ ደግመሽ ብትጠይቂኝም መልሴ ያው ነው። ለሚያዝያ 5 የመኪና ቦታ ይዘሽ ከሆነ ዛሬውኑ ሰርዢው፣ ለእናትሽም ዛሬ ማታ ደውይላቸው። ዘመድ ጎረቤት ለማስተባበር ገና ከሁለት ሳምንት በላይ አላቸው። ከፈለግሽ እኔ ራሴ በስልክ አነጋግሬ አስረዳቸዋለሁ። ልጃቸው ጠልታ እንዳልቀረች ከእኔ አፍ ቢሰሙት ይሻላል።

ብትናደጂብኝ አልቀየምም። ነገ ከጠዋቱ ርክክብ በኋላ ቢሮ ነኝ፣ መናገር የምትፈልጊው ካለ ሻይ እየጠጣን ንገሪኝ። የልጁን ሥልጠና ከሰኞ መጋቢት 21 ጀምሮ በየቀኑ አንድ ሰዓት እንድትሰጪው ፕሮግራም አውጥቻለሁ፣ እሱንም አብረን እናየዋለን።

ለሙሽራዋ የአብርሃም የሣራ ያድርግላችሁ ብሏል በይልኝ።

ጌታቸው
የምርት ክፍል ኃላፊ