ባሕሩ ሄዶ ነበር

መምህርት ጥሩወርቅ በ36 ዓመት የማስተማር ዘመናቸው «ባሕር» የሚለውን ቃል በቀይ እስክሪብቶ ስንት ጊዜ እንዳረሙ ቢጠየቁ መልስ አልነበራቸውም። ተማሪው ሁሉ በሃሌታው «ሀ» ቤት ይጽፈዋል፤ እርሳቸውም ፊደሉን ይከቡና ከራስጌው ሐመሩን ያስቀምጣሉ። ማብራሪያቸው ከዓመት ዓመት አልተለወጠም፤ «ሐመር በግእዝ መርከብ ነው፤ ባሕርም የሚጻፈው በዚሁ በመርከቡ ፊደል ነው፤ መርከቡን ያሰበ አይሳሳትም» ይሉ ነበር። መርከቡንም ባሕሩንም በዓይናቸው አይተው እንደማያውቁ ግን የጠየቃቸው ተማሪ አልነበረም። ተማሪ መምህሩ የሚያስተምረውን ሁሉ ያየ ይመስለዋል፤ እርሳቸውም ይህን አሳሳቢ ነገር አድርገው አልቆጠሩትም።

ትምህርት ቤት ሲዘጋ የእርሳቸው ዕረፍት በፈተና ወረቀት ክምር ሥር ያልቅ ስለነበር ጡረታ ከወጡ በኋላም ዕረፍት የሚባለውን ነገር ከምን እንደሚጀምሩት አላወቁም። የእኅታቸው ልጅ ጉዞውን ሦስት ጊዜ አዘጋጅታላቸው ሦስቱንም አራዘሙት፤ መጀመሪያ ቤቱ ጣሪያው ያፈስሳል ብለው፣ ቀጥሎ ጎረቤታቸው ታማለች ብለው፣ በሦስተኛው ግን ይህ ነው የሚባል ምክንያት እንኳ ሳያቀርቡ። በአራተኛው ልጅቱ አላማከረቻቸውም። ትኬቱን ገዝታ፣ ሻንጣቸውን ራሷ ሸክፋ፣ «አክስቴ፣ አምስት ቀን ነው፤ ማንም ምንም አይጠይቅዎትም» አለቻቸው። ይህ የመጨረሻው ዓረፍተ ነገር ከሁሉም በላይ አስፈራቸው።

ሌሊቱን ሙሉ ሲጓዙ አድረው የባሕሩ ዳር ማረፊያ የደረሱት እኩለ ቀን ላይ ነበር። ክፍላቸው ምድር ቤት ሲሆን ከበረንዳው ሰባት ደረጃ ወደ አሸዋው ይወርዳል። ውኃው ከታችኛው ደረጃ ጥቂት ርምጃ ርቆ ይንቦጨረቃል። መምህርት ጥሩወርቅ የደረጃውን ድጋፍ ይዘው ቆሙና ለረጅም ጊዜ አዩት። የጠበቁት ስፋቱን ነበር፤ ስፋቱማ በካርታ ላይም ሰማያዊው ከሌላው ቀለም ሁሉ ይበልጣል። ያልጠበቁት ድምፁን ነው። እንደ ነጐድጓድ ይሆናል ብለው ያሰቡት ነገር፣ አንድ ክፍል ሙሉ ተማሪ በአንድ ጊዜ ገጽ ሲገልጥ የሚሰማውን ዓይነት ሆኖ አገኙት፤ ይገለጣል፣ ጸጥ ይላል፣ እንደገና ይገለጣል።

ወንበርና ጥላ የሚያከራየው ወጣት ቀርቦ፣ «እማማ፣ ወንበር ላምጣልዎት?» አላቸው። ማን እንደተጠራ ለማየት ዞር አሉ። ባለፉት ዓመታት ሁሉ በመንገድ፣ በገበያ፣ በለቅሶ ቤት ሳይቀር «መምህርት» ወይም «ቲቸር» ሲባሉ ኖረው፣ እነሆ ማንነታቸውን በማያውቅ ሰው አፍ አሮጊት ሆኑ። ቅር ሊላቸው ሲል ትንሽ ቀለል አላቸው። ወንበሩን ለነገ ይደርሳል ብለው፣ ጎንበስ ብለው አንድ ጣታቸውን ነክረው ቀመሱ። የመምህራን ማረፊያ ክፍል ውስጥ ለዓመታት ጎን ለጎን የተቀመጡት የሳይንስ መምህር በአንድ ሊትር የባሕር ውኃ ውስጥ 35 ግራም ያህል ጨው እንዳለ ነግረዋቸው ነበር፤ ከጨውነቱ በኋላ የምትመጣውን ምሬት ግን አልነገሯቸውም። ጣታቸውን በመሐረባቸው ጠርገው ወደ ክፍላቸው ወጡ፤ ጋደም ልበል ብለው እስከ ማግስቱ ጠዋት ተኙ።

ሲነሡ ድምፁ የለም።

በመጀመሪያ ጆሯቸውን ተጠራጠሩ፤ ቀጥሎም ያሉበትን ዘነጉ። መጋረጃውን ሲገልጡ ባሕሩ አልነበረም። ትናንት ውኃ የነበረበት ቦታ እስከ ሩቅ ድረስ እርጥብ አሸዋ ሆኗል፤ በጣም ርቆ፣ በመጨረሻው ላይ፣ አንዲት ቀጭን የብር መስመር ታበራለች። ትናንት ሲወዛወዙ የነበሩት ሁለት ጀልባዎች በጎናቸው ተኝተዋል፤ መልሕቃቸውም ከነገመዱ ደረቅ ላይ ተጋልጧል። ሰዓቱ 1 ሰዓት ነበር። ነጠላቸውን ደርበው፣ ጫማቸውን በእጃቸው ይዘው፣ ሰባቱን ደረጃ አንድ በአንድ ወረዱ።

«ልጄ፣ ምን ሆነ?» አሉት ወንበሮቹን ሲደረድር ያገኙትን ወጣት፤ ድምፃቸው እሳት የተነሣ ያህል ነበር።

«ምኑ እማማ?»

«ባሕሩ ነዋ!»

ወጣቱ ሳቁን ዋጥ አድርጎ፣ «ጎድሎ ነው እማማ። ይመለሳል። ትናንት እርስዎ ሲመጡ 6 ሰዓት ከ20 ላይ ጢም ብሎ ሞልቶ ነበር፤ ዛሬ 7 ሰዓት ከ10 ገደማ ይሞላል። በየቀኑ ሃምሳ ደቂቃ ያህል ያረፍዳል» አለ።

«ማንን ተከትሎ?»

«ጨረቃን። እርሷም እኮ በየቀኑ ታረፍዳለች። ሙሉ ከሆነች ገና ሁለት ቀኗ ስለሆነ ነው እንዲህ አብዝቶ የሸሸው፤ በሚቀጥለው ሳምንት ቢመጡ ኖሮ ይህን ያህል አይርቅም ነበር።»

መምህርት ጥሩወርቅ አመስግነውት ባሕሩ ወደ ነበረበት መሄድ ጀመሩ። ውኃው ሲሸሽ በአሸዋው ላይ ትቶት የሄደው ትንንሽ ሽንትር ከተሰመረ ደብተር አይለይም፤ መስመሩ ግን ቀጥ ያለ አይደለም፣ አንዱ ከአንዱ ይጋጠማል፣ ይለያያል። በየመስመሩ መካከል ከምስር ፍሬ የማይበልጡ የአሸዋ ድብልብሎች በክብ ተደርድረዋል። ጎንበስ ብለው ቢጠብቁ የጥፍር ያህል የሆነች ሸርጣን ከቀዳዳዋ ወጥታ አሸዋውን በአፏ እያላመጠች፣ የሚበላውን አስቀርታ የቀረውን አድበልብላ ከኋላዋ ስትጥል አዩ። ጥላቸው ሲነካት ገባች። ሳይንቀሳቀሱ ቆዩ፤ ወጣች። ሥራዋን የሚቆጣጠር ሰው እንዳለ የተረዳች ይመስል ነበር። ይህን ያህል ጊዜ ምንም ሳያርሙ አንድ ነገር ተመልክተው እንደማያውቁ ያን ጊዜ አልታወቃቸውም።

ከጀልባዎቹ አንዷ ጋ ሲደርሱ ቆሙ። ቀለሟ የተላጠ፣ ሆዷ ላይ ዛጎል የተጣበቀባት ትንሽ ጀልባ ናት፤ በጎኗ ጋደም ብላለች። የጠዋቱ ነገር የት እንዳነበቡት በድንገት ትዝ አላቸው።

ከ26 ዓመት በፊት ነው። ሰባተኛ ክፍል። አባቱ በሥራ ተዛውሮ ከባሕር ዳርቻ አገር የመጣ፣ በዓመቱ አጋማሽ የተመዘገበ ዝምተኛ ልጅ ነበር። «የማልረሳው ቀን» በሚል ርእስ ድርሰት ጻፉ ሲሏቸው ልጁ አንድ ገጽ ተኩል ጽፎ አመጣ። በዚያ ክፍል «ባሕር»ን በሐመሩ «ሐ» የጻፈ እርሱ ብቻ ነበር፤ ለዚህም በኅዳጉ ላይ ትንሽ የራይት ምልክት አድርገውለታል። ሦስተኛው አንቀጽ ላይ ግን እንዲህ የሚል አገኙ፦ «ጠዋት ስንነሣ ባሕሩ ሄዶ ነበር። ጀልባችንም በጎኗ ተኝታ ጠበቀችን።» ከሥሩ በቀይ አሰመሩበት። «ባሕር ወዴት ይሄዳል? የምታውቀውን ብቻ ጻፍ» ብለው ከ10 8 ሰጡት። ይህ ብቻ ቢሆን ባልከፋ። ዓረፍተ ነገሩን ለክፍሉ አነበቡት፤ ሳያስቡ የተጻፈ ነገር ምን እንደሚመስል ለማሳየት ነበር። ተማሪዎቹ ሳቁ። ልጁ አልተከራከረም፤ ደብተሩን ተቀብሎ ተቀመጠ። ከዚያ በኋላ የጻፋቸው ድርሰቶች ሁሉ ስለ ትምህርት ጥቅምና ስለ ንጽሕና ነበሩ፤ ስሕተት የሌለባቸው፣ ዘጠኝና አሥር የሚያገኙ ድርሰቶች። በዓመቱ መጨረሻ አባቱ እንደገና ተዛወረ።

የልጁን ስም ለማስታወስ ሞከሩ። በፊደል ተራ የተጻፈውን የስም ዝርዝር ከላይ እስከ ታች በልባቸው ጠሩት፤ ያቺ ቦታ ላይ ሲደርሱ የሚሰማቸው የሚያቃስት የወንበር ድምፅ ብቻ ነበር። ስሙን ረስተው የሰጡትን ማርክ ማስታወሳቸው አናደዳቸው።

እጃቸውን በጀልባዋ ጎን ላይ አሳረፉ። እንጨቱ ቀዝቃዛና እርጥብ ነበር። «ተኝታ ጠበቀችን» አሉ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው፤ የሰዋስው ጉድለት እንዳለበት ለመስማት ያህል። ምንም አልነበረበትም።

ሲመለሱ ወጣቱ ወንበራቸውን ከደረጃው ሥር ሊያኖር ሲል ከለከሉት። «ወደዚያ፣ ወደ ፊት አድርግልኝ» አሉ።

«ውኃው ይደርስብዎታል እማማ።»

«በስንት ሰዓት?»

ወጣቱ ባሕሩን፣ ከዚያ ፀሐይዋን አየና፣ «እዚህ ጋ 5 ተኩል ላይ ይደርሳል» አለ። መምህርት ጥሩወርቅ ሰዓታቸውን አይተው ተቀመጡ። ለመንገዱ ይዘውት የመጡት መጽሐፍ ከጭናቸው ላይ ሳይከፈት ዋለ። የብር መስመሯ መወፈር ጀመረች። መምጣቷ አይታይም፤ ቀና ሲሉ ግን አንድ ድንጋይ ጎድሏል፣ ቆይቶ ሌላው። ከሽንትሮቹ መካከል ዝቅተኞቹ በመጀመሪያ ሞሉ፤ ውኃው በመስመሮቹ ላይ ሲያልፍ ጽሑፍ የሚጽፍ ይመስል ነበር፣ ጽፎም ወዲያው ያጠፋል። የመጀመሪያዋ ጀልባ ተንቀሳቀሰች፤ እንደ ደከመው ሰው በክርኗ ተደግፋ ትንሽ ቀና አለች፣ ተመልሳ ተኛች፣ እንደገና ቀና አለች።

ስልካቸው ጮኸ። የእኅታቸው ልጅ መልእክት ልካለች፦ «አክስቴ፣ ደኅና አደሩ? ባሕሩን እንዴት አገኙት?»

መነጽራቸውን አድርገው በሌባ ጣታቸው ፊደል በፊደል ጻፉ፤ ሐመሩን «ሐ» ለማግኘት ጥቂት ፈለጉ። «ደኅና ነኝ። ጠዋት ስነሣ ባሕሩ ሄዶ ነበር። አሁን እየመጣ ነው።»

መልሱ ወዲያው ደረሰ። «አይ አክስቴ፣ ባሕር ደግሞ ወዴት ይሄዳል?» ከሥሩም የሚስቅ ፊት ነበረበት።

መምህርት ጥሩወርቅ መልእክቱን ሁለት ጊዜ አነበቡት። ሊመልሱ ጣታቸውን አንሥተው ሳለ አንድ ቀዝቃዛ ነገር ተረከዛቸውን ነካው። ሰዓቱ 5 ተኩል ሊሆን አራት ደቂቃ ይቀረው ነበር። ወጣቱ ከወዲያ «እማማ፣ ወንበሩን!» ብሎ ተጣራ፤ እርሳቸው ስልኩን ወደ ቦርሳቸው መልሰው፣ ቦርሳውን ጭናቸው ላይ አድርገው፣ የቀሚሳቸውን ጫፍ እስከ ጉልበታቸው ሰበሰቡና እግራቸውን ባለበት ተዉት።