መጠይቅ ለመምህራንና ለተማሪዎች ለመበተን ፈቃድ ስለመጠየቅ

መጋቢት 8 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለዳግማዊ ምኒልክ 2ኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ርዕሰ መምህር
አዲስ አበባ

ጉዳዩ፡- መጠይቅ ለመበተን ፈቃድ ስለመጠየቅ

በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የሁለተኛ ዲግሪ ተማሪ ነኝ። የመመረቂያ ጥናቴ በ9ኛና 10ኛ ክፍል ሒሳብ ትምህርት የተከታታይ ምዘና አተገባበርን ይመለከታል። በትምህርት ቤትዎ 18 መምህራንና 96 ተማሪዎች መጠይቅ እንዲሞሉልኝ ፈቃድዎን በአክብሮት እጠይቃለሁ።

ተማሪዎቹ ከአራት ሴክሽኖች፣ ከየሴክሽኑ 24 ሆነው ይመረጣሉ። ምርጫው በስም መጥሪያው ላይ አንዱን እየዘለለ ስለሚሄድ ጎበዝ የተባለው ብቻ አይመረጥም፤ የቀረ ተማሪ ካለ ቀጣዩ ስም ይተካዋል። መጠይቁ በአማርኛ የተዘጋጀ ሲሆን 22 ምርጫ ያላቸውና 2 በጽሑፍ የሚመለሱ ጥያቄዎች አሉት። ለማስሞላት ረቡዕ መጋቢት 24 እና ሐሙስ መጋቢት 25፣ በቀን ሁለት ሴክሽን፣ የመጨረሻው ክፍለ ጊዜ ቢፈቀድልኝ ይበቃኛል። ቅጹን ወደ ቤት መስጠት አልፈልግም፤ ብዙው ሳይመለስ ይቀራል፣ የተመለሰውንም ታላቅ ወንድም ወይም እህት ሞልቶት ሊሆን ይችላል።

አንድ ነገር በተለይ አደራ እላለሁ። ተማሪዎች ሲሞሉ የሒሳብ መምህራቸው ክፍል ውስጥ ባይኖሩ ጥሩ ነው። ስለ ውጤት አሰጣጥ የሚጠየቅ ልጅ መምህሩ ፊቱ ቆመው ሳለ ያመነበትን አይጽፍም። ሥርዓት ለማስከበር አንድ ሌላ መምህር ቢመደብልኝ፣ መመሪያውን ራሴ አነባለሁ፣ ያልገባቸውንም አስረዳለሁ። ለተማሪዎቹ ፈተና እንዳልሆነና ውጤታቸውን እንደማይነካ አስቀድሞ ቢነገራቸው እርስ በርስ መገልበጡም ይቀንሳል።

የመምህራኑን መጠይቅ ረቡዕ ጠዋት ከፖስታ ጋር አድላለሁ። አሽገው በመምህራን ማረፊያ በማስቀምጠው የተቆለፈ ሣጥን ውስጥ ይከቱታል፤ ዓርብ መጋቢት 26 ከሰዓት እሰበስባለሁ። ከጥያቄዎቹ አንዳንዶቹ የትምህርት ቤቱን አመራር ድጋፍ ስለሚመለከቱ፣ በመምሪያ ኃላፊዎች በኩል እንዲሰበሰብ አልፈለግሁም። የተሞሉ ቅጾችን ለጽሕፈት ቤቱም ሆነ ለማንም አላሳይም። በምትኩ ጥናቱ ሲጠናቀቅ የውጤቱን ማጠቃለያ ለትምህርት ቤቱ በጽሑፍ አስገባለሁ።

በየትኛውም ቅጽ ላይ ስም አይጻፍም። ተሳትፎው በፈቃደኝነት ነው፤ የጀመረም ማቋረጥ ይችላል። ዕድሜያቸው ከ18 ዓመት በታች ለሆኑት የወላጅ ወይም የአሳዳጊ የስምምነት ቅጽ አለኝ። ፊርማው ተመልሶ እንዲደርስ ረቡዕ መጋቢት 17 በክፍል ኃላፊ መምህራን በኩል ቢታደል በቂ ጊዜ ይኖራል። ስምምነቱን ያላመጣ ተማሪ አይሞላም።

የተጠቀሱት ቀናት ከፈተና ጋር ከተጋጩ፣ ለእናንተ በሚመች ሌላ ሳምንት ለመምጣት ዝግጁ ነኝ። ፈቃዱ በጽሑፍ ቢሰጠኝ ለጥናቱ ሰነድ አያይዘዋለሁ። መልስዎን ለመስማት ሰኞ መጋቢት 15 ጠዋት ቢሮዎ እቀርባለሁ።

ከአክብሮት ጋር
ሰላማዊት አለሙ
(ፊርማ)

አባሪ፡-
የዩኒቨርሲቲው የትብብር ደብዳቤ፣ 1 ገጽ
የመምህራን መጠይቅ፣ 4 ገጽ
የተማሪዎች መጠይቅ፣ 3 ገጽ
የወላጅ የስምምነት ቅጽ፣ 1 ገጽ

ግልባጭ፡-
ለጥናቱ አማካሪ