የዘንድሮ ቡና ግዥ ስትራቴጂ፦ ማጠቃለያና ሦስት ሥራዎች

ሰላም ለሁላችሁ፣

ትናንት ጅማ ዋናው ቢሮ የቀረበው ሰነድ ተያይዟል። 18 ስላይድ ነው፤ ጊዜ ካጠራችሁ 6ኛውንና 11ኛውን አንብቡ። ስለ በጀት የሚያወራው ክፍል ከአምናው ብዙም አልተለወጠም።

ዋናው ውሳኔ የግዥ መጠን ዘንድሮ አይጨምርም የሚለው ነው። ጉልበታችን የሚውለው እያንዳንዱ ጆንያ ከየትኛው ማሳ እንደወጣ በማስመዝገብ ላይ ይሆናል። የአውሮፓ ኅብረት ደንብ ከታኅሣሥ 22 ቀን 2013 ዓ.ም. በኋላ ደን ተመንጥሮ በለማ መሬት ላይ የበቀለ ቡና ወደ ገበያው እንዳይገባ ይከለክላል፤ የማሳውን መገኛም ይጠይቃል። ማሳው ከ4 ሄክታር በላይ ከሆነ ዙሪያው ይለካል፤ ከዚያ በታች ለሆነው አንድ ነጥብ ይበቃል። አብዛኞቹ ገበሬዎቻችን በሁለተኛው ውስጥ ናቸው።

ነጥቡ የሚበላሸው መስክ ላይ ነው። ገበሬው ደጃፍ ላይ የተወሰደ ነጥብ ዋጋ የለውም፤ ማሳው መሐል መግባት ግድ ነው። ከጥላ ዛፍ ሥር ስልኩ ቶሎ አይረጋም፣ ስለዚህ የስህተት ርቀቱ ከ5 ሜትር በታች እስኪወርድ ጠብቁ። በእኛ አካባቢ ላቲቲዩድ በ7 ወይም በ8፣ ሎንጊቲዩድ በ36 ወይም በ37 ይጀምራል፤ ተገላብጦ ከተጻፈ ነጥቡ ሌላ አገር ይወድቃል። ከነጥብ በኋላ 6 አኃዝ ያስፈልጋል፣ ኤክሴል ግን የመጨረሻዋን ዜሮ ይቆርጣታል። ዓምዱን አስቀድማችሁ ወደ ጽሑፍ ቀይሩት።

ከዚህ ሁሉ የሚያሳስበኝ የመሰብሰቢያ ጣቢያው ነው። የሁለት ገበሬ እሸት አንድ ቅርጫት ውስጥ ከተደባለቀ በኋላ የትኛውም መዝገብ አይለየውም። ሚዛን ላይ ሳይወጣ በፊት የገበሬው መለያ ቁጥር ይጻፍ።

ጥራትን በተመለከተ፣ በአልጋ ላይ የሚደርቀው እሸት ውፍረቱ ከ4 ሴንቲ ሜትር አይበልጥ፣ ሌሊትና በዝናብ ይሸፈን፤ እርጥበቱ ከ12 በመቶ በላይ የሆነ ጀንፈል መጋዘን አይግባ። መለኪያው ለጀንፈልና ለተፈለፈለ ቡና የተለያየ ማስተካከያ ስላለው ከመለካታችሁ በፊት አረጋግጡ።

የ14ኛው ስላይድ የጊዜ ሰሌዳ ጠባብ ነው፤ ዝናቡ መስከረምን ካለፈ የጎማና የሊሙ ኮሳ መንገድ ያስቸግረናል። ለሥራ አመራሩም ይህንኑ ተናግሬያለሁ። ስለዚህ ሩቆቹን ቀበሌዎች እናስቀድም።

የሚጠበቁብን ሥራዎች፦

1. የመስክ ቡድን፦ ነጥብ የሌላቸውን ወይም ደጃፍ ላይ የተወሰዱባቸውን ማሳዎች ዝርዝር እስከ ጳጉሜን 3 ላኩልኝ።
2. የመረጃ ክፍል፦ የተገላበጡና 6 አኃዝ ያልሞሉ ነጥቦችን ለይታችሁ እስከ መስከረም 8 ለመስክ ቡድኑ መልሱ።
3. የላቦራቶሪ ክፍል፦ የሁሉንም ጣቢያዎች የእርጥበት መለኪያ በናሙና አመሳክራችሁ፣ የሚያዛባውን እስከ መስከረም 15 ለጥገና አስገቡ።

የጥራትና ክትትል ቡድን መሪ
ጅማ